እጅ «ሞቋል» ሲል፣ ቴርሞሜትር «ደህና ነው» ሲል

ጥያቄ፦ «እናቴ የልጄን ግንባር ነክታ ‹ትኩሳት አለው› ትላለች። ከፋርማሲ የገዛሁት ዲጂታል ቴርሞሜትር ደግሞ 36.8 ይላል። አንዳንዴ ተገላቢጦሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ‹ቀዝቅዟል፣ ምንም አልሆነም› ስትል ቴርሞሜትሩ 38.6 አሳየኝ። ጠዋት ሲለካ ግን ጠፋ፣ ልጁም ይጫወት ስለነበር ዝም አልኩ። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ነው የሚቀባጥረው? ወይስ የእናቴ እጅ ነው? ልጁ 3 ዓመቱ ነው።» (አንዲት እናት፣ ከጅማ)

ምላሽ፦

ርካሽነቱ አይደለም። ብብት ሥር ገብቶ ጢጥ የሚለው ቀላሉ ዲጂታል ቴርሞሜትር ለቤት ሥራ ይበቃል። ቢሳሳት በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ነው፤ 36.8ን 36.7 ወይም 36.9 ይልሽ ይሆናል። 36.8ን 38.6 አያደርግም። ከተጠራጠርሽ ጠዋት እንደተነሣችሁ ራስሽንም እናትሽንም ለኪ። ጤነኞች ሆናችሁ 36 ከምናምን ካሳየ ዕቃሽ ደህና ነው።

የተሳሳትሽው ሌላ ቦታ ነው። እጅና ቴርሞሜትር አንድ ነገር የሚለኩ መስሎሻል። መዳፍ የልጁን የሙቀት መጠን አያውቅም። የሚያውቀው በራሱና በልጁ ቆዳ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ የሚወሰነው በልጁ ብቻ አይደለም፤ እጁ ከየት እንደመጣም ይወስነዋል። ዛሬ ቡና ስታፈሉ ሞክሪው። አንዱን እጅሽን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ አቆይው፣ በሌላው ትኩስ ሲኒ ያዢ። ከዚያ ሁለቱንም የአንድ ሰው ግንባር ላይ አሳርፊ። አንዱ እጅሽ «ትኩሳት አለው» ይልሻል፣ ሌላው «የለውም»።

ይህን ትምህርት ቤትም ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን በእናቴ እጅ ነው። ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። እናቴ ስድስት ልጅ ያሳደገች የጅረን ሴት ናት። የጎረቤት ልጅ ሲታመም ከሐኪም በፊት የሚጠራው የእሷ እጅ ነበር። በመዳፏ አትነካም፤ የጣቶቿን ጀርባ መጀመሪያ ግንባር ላይ፣ ቀጥሎ አንገት ሥር፣ ከዚያ ሆድ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ ፍርዷን ትሰጣለች። ይግባኝ የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ቆየች። የእህቴ ልጅ ማሙሽ (በቤት የምንጠራው እንደዚያ ነው፣ ያኔ 3 ዓመቱ) ሶፋ ላይ ጋቢ ለብሶ ተኝቶ ነበር። እጇን አደራረቀችና ነካችው። «ይሄ ልጅ እሳት ሆኗል! ምች ነው» አለችና ጎረቤት ጓሮ ዳማከሴ እንዲቆረጥላት ልጅ ላከች። እኔ ቤት ነበርኩ፤ ለካሁት። 36.9። «ባትሪው አልቆ ነው» አለች። ባትሪው አላለቀም ነበር። የእሷ ጣቶች ለረጅም ሰዓት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስለነበሩ በረዶ ሆነዋል፣ የልጁ ቆዳ ደግሞ በጋቢ ሞቋል። ጋቢውን ገለጥነው። ዳማከሴው ሳይደርስ ማሙሽ ተነሥቶ ዶሮ ሲያባርር ነበር።

በሥራዬ በብዛት የማየው የዚህ ዓይነቱን ስህተት ነው። የእናትና የአያት እጅ ትኩሳትን ከማሳነስ ይልቅ ያበዛል። ለዚህ ነው «አልሞቀም» ስትል አብዛኛውን ጊዜ ትክክል የምትሆነው፣ «ሞቋል» ስትል ግን መለካት የሚያስፈልገው። አንቺ የጠቀስሽው 36.8 ከዚህ ወገን ይመስለኛል። የእናትሽ እጅ ከምን ላይ ተነሥቶ እንደመጣ፣ ልጁም ከፀሐይ ወይም ከብርድ ልብስ ወጥቶ እንደሆነ አስታውሺ።

«አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት ግን በምክንያት ነው። 38.6 ያየሽበት ቀን ሌላ ታሪክ ነው፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ እናቴ ማታ ቡና አፍልታ በረካውን እየቀዳች ነበር። ማሙሽ ጭኗ ላይ ተኛ። የሚወደውን ቆሎ እንኳ እምቢ አለ። ጀበናውን አስቀመጠችና በዚያው እጇ ግንባሩን ነካች። «ምንም አልሞቀ፤ እንዲያውም ቀዝቅዟል» አለች። እግሩን ስትይዘው በረዶ ነው። «ብርድ ነው የመታው» አለችና በጋቢ ጠቀለለችው። እህቴ ዝም ብላ ቴርሞሜትሩን አመጣች። ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ። 38.1።

«ይሄ ዕቃ አብዷል» አለች እናቴ።

ዕቃው አላበደም። ትኩሳት ሲጀምር የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰውነትን የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዘው በአንጎል ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ሕመም ሲመጣ ይህ ክፍል ልኩን ከፍ ያደርገዋል፤ ከ37 ወደ 39 በይው። ሰውነት ወደ አዲሱ ልክ ለመድረስ ሙቀት መቆጠብ ይጀምራል። ደሙን ከቆዳ ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ያኔ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ፊት ይገረጣል፣ ልጁ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ውስጡ እየነደደ ላዩ ቀዝቃዛ ነው። እጅ የሚነካው ላዩን ነው። የቡና ሙቀት ያለበት እጅ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያገኘውም።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ማሙሽ ጥርሱ እስኪፋጭ ተንቀጠቀጠ። እንደገና ተለካ፤ 39.3። የእናቴ እጅ «ነደደ» ያለው ከዚያም በኋላ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም ነው። ጣቶቿን አንገቱ ሥር እንዳደረገች ቴርሞሜትሩን ዓይን ዓይኑን አየችው። «ቀድሞኝ አወቀ» አለች።

በዚያ ሌሊት ሌላ ነገር አላለችም። ግን በየሰዓቱ «እስኪ ለኪው» እያለች እህቴን እንቅልፍ የነሳቻት እሷ ናት።

ስለዚህ ማንን ልመን ላልሽው፦ ቁጥሩን እመኚ፣ በትክክል ከተለካ። በትክክል ማለት ይህ ነው። ልጁ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከፀሐይ ገብቶ ወይም ገላውን ታጥቦ ከሆነ ገላልጠሽ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቂ። ብብቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፤ ላብ ቁጥሩን ያወርዳል። የቴርሞሜትሩ ብረታማ ጫፍ በሸሚዝ ላይ ሳይሆን በቆዳ ላይ፣ ብብቱ መሐል ጥልቅ ብሎ ይግባ። ከዚያ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፈሽ እቅፍ አድርገሽ ያዢው። ሕፃናት ክፍል የማያቸው አብዛኞቹ የተሳሳቱ ቁጥሮች የሚመጡት ጫፉ በጀርባ በኩል ወጥቶ አየር ሲለካ ነው። 35 ከምናምን አይተሽ ልጁ ደህና ከመሰለሽ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ይህንን ነው። ጢጥ ካለ በኋላም ወዲያው አታውጪው፤ ቁጥሩ መውጣት እስኪያቆም አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሪለት። ማያው ላይ «Lo» ቢል ወይም 98 ከምናምን ቢያሳይ አትደንግጪ። የመጀመሪያው ጫፉ ገና አልሞቀም ማለት ነው። ሁለተኛው ዕቃው ወደ ፋራናይት ተቀይሯል ማለት ነው፤ 98.6 ማለት 37 ነው።

በብብት ከተለካ ትኩሳት የሚባለው ከ37.5 ጀምሮ ነው። ላዩ ላይ ግማሽ ዲግሪ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ አትጨምሪ። 37.5 የተባለው ራሱ ለብብት ነው። ጤነኛ ልጅም ከጠዋት ይልቅ ወደ ማታ ትንሽ ይሞቃል። ስለዚህ ማታ 37.3 አይተሽ ቤቱን አትረብሺ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሚው። ከግንባር ርቆ የሚለካውን ሽጉጥ መሳዩን ግን ለቤት አልመክርሽም። የሚያነበው ቆዳን ነው፤ በብርድ ብርዱ ሰዓት እንደ እናቴ እጅ ይታለላል።

አሁን ወደ ጠዋቱ። ማሙሽ ሌሊቱን በላብ ተጠምቆ አደረ። ሲነጋ 36.8። ፈታ ብሏል፣ ሻይ በዳቦ በላ። እህቴ እንዳንቺው «ለቀቀው፣ ምን ያስኬደናል?» አለች። ተነሥታ ነጠላዋን የለበሰችው እናቴ ናት። «ሌሊት 39.3 ነበር» አለች። ያ ቁጥር በእሷ አፍ ሲነገር መስማት ለእኔ ሰርግ ነበር። ትናንት «አብዷል» ያለችው ዕቃ ነው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆኗል። እዚያም ተለካ፤ 36.7። «አሁን ትኩሳት የለውም» ተባለ። እናቴ ከቦርሳዋ የመብራት ደረሰኝ አወጣች። ጀርባው ላይ እህቴ በእስክሪብቶ የጻፈችው ሁሉ አለ፤ 2፡15 38.1፣ 2፡45 39.3፣ 5፡00 39.0 ሽሮፕ፣ 8፡30 37.6 ላብ። ባለሙያዋ አየችው፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ሰሞኑን ከከተማ ወጥቶ ነበር?» ወጥቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት ግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ ዘመድ ቤት ሦስት ቀን አድረዋል። ጣቱን ወግታ ደም ወሰደች። ወባ፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት።

ቴርሞሜትሩ ልክ ነው፣ ጠዋት ትኩሳት አልነበረውም። ግን ቴርሞሜትር የሚያውቀው የለካበትን ደቂቃ ብቻ ነው። የወባ ትኩሳት ይመጣል፣ ይሄዳል። የቫይቫክስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን እየዘለለ ይመለሳል፤ በመሐል ልጁ ደህና መስሎ ይውላል። ሰው የሚሸወደው በዚያች የመሐል ቀን ነው። ለዚህም ነው ወባ ባለበት አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ «አሁን ሞቆታል?» ብቻ ብሎ የማይቆመው። ባለፉት ሁለት ቀናት ትኩሳት ነበረው ከተባለ፣ የተለካውም በእጅ ብቻ ቢሆን፣ ይቆጠራል፤ ምርመራ ይታዘዛል። ስለዚህ የእናትሽን እጅ ከንቱ አላደርገውም። ቴርሞሜትር የሌለባት እናት «ሌሊት እንደ እሳት ነደደብኝ» ብትለኝ ደም አስመረምራለሁ።

ጅማ ደጋ አይደለችም፣ ከፍታዋ ወደ 1,700 ሜትር ነው። ወባ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይበረታል። ከከተማ ሳይወጡ የሚያዙም አሉ። «እኛ የትም አልሄድንም» ማለት ከምርመራ አያስቀርም።

ደረሰኙ ላይ ሽሮፕ የሚል አይተሻል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይበላሽበታል። ማሙሽ 14 ኪሎ ነው። ፓራሲታሞል ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው የሚሰጠው፤ ለእሱ ከ140 እስከ 210 ይመጣል። ቤት የነበረው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊግራም የያዘ ነበር። ሰባት ተኩል ሚሊ ሊትር 180 ይሆናል፤ ያንን ሰጡት። አንቺ የልጅሽን ኪሎ እወቂ፣ የጠርሙስሽንም ጽሑፍ አንብቢ፤ የሁሉም ጥንካሬ አንድ አይደለም። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መስፈሪያ ለኪ። በሁለቱ መካከል 6 ሰዓት ይቆይ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይብለጥ። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም።

ከመስጠትሽ በፊት ግን ለኪና ሰዓቱን ጻፊ። ሽሮፑን ሰጥተሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብትለኪ የምታነቢው የሽሮፑን ሥራ ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂም መቼ እንደሰጠሽ ንገሪያቸው። ፓራሲታሞል ልጁን ያሳርፈዋል፤ ወባን፣ የሳንባ ምችን፣ የጆሮ ሕመምን አይነካም። «በሽሮፕ ወረደለት፣ እንግዲህ ቀላል ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። 38 ሆኖ እየተጫወተ ያለን ልጅ ደግሞ ለቁጥሩ ብለሽ መድኃኒት አታጠጪው። ከ38.5 ካለፈ ወይም ከተጨነቀ ስጪው። በብርድ ብርዱ ሰዓት ስስ ልብስ ይበቃዋል፣ ሲነድ ጋቢውን አንሺለት፣ የሚጠጣ ስጪው። ቀዝቃዛ ውኃ መንከር ወይም አረቄ መቀባት ግን ክልክል ነው። ውኃው መንቀጥቀጡን ያባብሳል፣ አልኮሉ በቆዳ ይገባል።

ዳማከሴን በተመለከተ ከእናቴ ጋር ስምምነት አለን። ማሽተትና ገላ ላይ መቀባት የእሷ ነው፤ አልከራከራትም። አፍንጫና አፍ ውስጥ መጭመቅ ግን የለም። ዳማከሴው ምርመራውን አንድ ቀን ካዘገየው ተጣልተናል ማለት ነው። «ጥርስ እያበቀለ ነው» የሚለውም እንዲሁ። ጥርስ ልጅን ያነጫንጫል፣ ያዝረበርባል፤ 38.6 አያደርሰውም።

የቁጥር ወሰኑንም እወቂ። ከፍ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ ከባድ በሽታ ማለት አይደለም፤ ተራ ጉንፋን 39.5 ሊያደርስ ይችላል። ዝቅ ያለ ቁጥርም ዋስትና አይሆንም። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠውና ራሱን የሳተ፣ ሲጠሩት የማይነቃ፣ አንገቱ የገተረ፣ ቁና ቁና የሚተነፍስ ልጅ 37.2ም ቢያሳይ ወዲያው ሆስፒታል ይሄዳል፤ በሌሊትም ቢሆን። ከ2 ወር በታች የሆነ ጨቅላ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። 37.5 ከሞላ፣ ወይም ከ35.5 ከወረደ፣ ሽሮፕ ሰጥተሽ እስኪነጋ አትጠብቂም። ትልቁ ልጅ ላይ የምንችለው መጠበቅ እዚያ አይሠራም።

ከእናትሽ ጋር ስላላችሁ ክርክር፦ ቴርሞሜትሩን እሳቸውን ለማሸነፍ አታውጪው። የእኔ እናት የተለወጠችው «ተሳስተሻል» ስላልኳት አይደለም፤ ያን ጊዜማ ባትሪ ነው ያለችኝ። ዕቃውን ራሷ ይዛ፣ ቁጥሩ ሲወጣ እያየች ነው ያመነችው። አሁንም መጀመሪያ በጣቶቿ ጀርባ ትነካለች። ከዚያ «አምጪው» ትላለች። እናትሽ ሲነኩ አትከልክያቸው፤ ልጁን ከሁላችሁም በፊት የሚጠረጥሩት እሳቸው ናቸው። ከነኩ በኋላ ግን ሞቀም አሉ ቀዘቀዘ፣ ልጁ ካልበላ፣ ካልተጫወተ ወይም እጅ እግሩ ከበረደ ይለካ። ቁጥሩና ሰዓቱ የሆነ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ያ 38.6 ያለፈው ሳምንት ነው፤ ጠዋት ጠፍቶ፣ አንቺም ዝም ብለሽ አልፈሽዋል። ትኩሳት በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ላብ ካለው፣ ከተነጫነጨ፣ ምግብ ከቀነሰ፣ ወይም እንደገና ከሞቀው ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እዚያ ሲለካ 36.8 ቢያሳይም ተመልሰሽ እንዳትመጪ፤ «ባለፈው ሳምንት በብብት 38.6 ነበር፣ የወባ ምርመራ ይደረግለት» በያቸው።